ያላየናቸው 2,875 ቲሸርቶች

በጥራት ተቆጣጣሪነት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የጻፍኩትን ደብዳቤ እስከ ዛሬ በቃሌ አስታውሰዋለሁ። አጭር ነበር፤ «የላካችሁልን 3,000 ፖሎ ቲሸርት በጥራት ፍተሻ ስላላለፈ፣ ያሉበትን ጉድለቶች አስተካክላችሁ በአስቸኳይ እንድትልኩልን እናሳስባለን» ይላል። ፈርሜበት፣ ማኅተም ተመትቶበት ሄደ። በስድስተኛው ቀን ዕቃው ተመልሶ መጣ። ካርቶኖቹን ከፍተን ስናይ ፋብሪካው በእርግጥም ለፍቶበታል። በመጀመሪያው ፍተሻ እዚህም እዚያም ተንጠልጥሎ ያየነው ትርፍ ክር ሁሉ በመቀስ ተለቅሟል። እኛ ግን ዕቃውን የመለስነው በክሩ ምክንያት አልነበረም። የመለስነው የግራ ጎን ስፌቱ ስለሚከፈት ነበር፤ ስፌቱ ደግሞ እንደሄደ ተመልሷል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ይህን ለመረዳት መጀመሪያ ፍተሻው እንዴት እንደሚካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቲሸርቶቹ የተማሪዎች ደንብ ልብስ ናቸው። በ100 ካርቶን፣ በእያንዳንዱ 30፣ በድምሩ 3,000 ሆነው መጡ። ሦስት ሺውን ሁሉ አንድ በአንድ የሚያይ ገዢ የለም፤ ናሙና ነው የሚወሰደው። ምን ያህል ይወሰድ ለሚለው በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ሠንጠረዥ አለ፤ አይኤስኦ 2859-1 ይባላል። መነሻው የአሜሪካ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከአምራቾች ዕቃ ሲረከብ ይጠቀምበት የነበረው ዘዴ ነው። በዚህ ሠንጠረዥ መደበኛው የፍተሻ ደረጃ ከ1,201 እስከ 3,200 ለሚደርስ ዕቃ 125 ናሙና ያዛል። እኛም በየቦታው ከተደረደሩት ካርቶኖች አሥሩን መርጠን፣ ከእያንዳንዳቸው 12 ወይም 13 አውጥተን 125ቱን ሞላን።

በፍተሻ ጠረጴዛ ላይ ጉድለት በሦስት ይከፈላል። ክሪቲካል የሚባለው በሰው ላይ ጉዳት የሚያደርስ ነው፤ ልብስ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ መርፌ ለምሳሌ። ከዚህ አንድም አይፈቀድም። ሜጀር የሚባለው ልብሱን ለባሹ እንዲመልሰው ወይም እንዳይለብሰው የሚያደርግ ጉድለት ነው። ማይነር ደግሞ ዓይን ያየዋል እንጂ ልብሱን ከአገልግሎት አያወጣውም፤ ትርፍ ክር ከዚህ ይመደባል። አንድ ቲሸርት ሁለትና ሦስት ጉድለት ቢኖርበት በከባዱ ብቻ አንድ ጊዜ ይቆጠራል። እኛ ከፋብሪካው ጋር በተስማማንበት ልክ፣ ከ125ቱ ውስጥ ሜጀር እስከ 7፣ ማይነር እስከ 10 ከሆነ ዕቃው ያልፋል። ሜጀሩ 8 ከሞላ ሙሉው 3,000 ይመለሳል። በመጀመሪያው ፍተሻ 12 ሜጀር እና 9 ማይነር ነበር ያገኘነው። ማይነሩ ከወሰኑ በታች ነበር። ክሩ ባይለቀም ኖሮ እንኳ በክር ብቻ ዕቃው አይመለስም ነበር።

ፋብሪካው ግን ይህን በምን ያውቃል? ደብዳቤዬ «ጉድለቶቹን» ይላል፤ የትኞቹን እንደሆነ አይናገርም። ካርቶን የከፈተው ሠራተኛ በመጀመሪያ ዓይኑ የገባው ክሩ ነው፤ ክሩን ለቀመ። የጎን ስፌቱን ጉድለት ቲሸርቱን በማየት ብቻ ማግኘት አይቻልም። ጨርቁን በሁለት እጅ ይዞ ስፌቱን ወደ ጎንና ጎን ሳብ ማድረግ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ከታች ካለው ስንጥቅ ትንሽ ከፍ ብሎ ክሩ ሳይይዝ ያለፈበት ቦታ እንደ ትንሽ መስኮት ይከፈታል።

ሁለተኛው ፍተሻ 11 ሜጀር አወጣ፤ ስድስቱ የጎን ስፌት፣ ሦስቱ የኮሌታ፣ ሁለቱ የዘይት እድፍ ነበሩ። ማይነር አንድም አልነበረም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የፋብሪካው የምርት ኃላፊ ደወሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ድካምም ነበር።

«እህቴ፣ ሠላሳ ሰው ሌሊቱን አድሮ ነው የሠራው። አሁንስ ምኑ ነው የቀረው?»

«ጋሼ፣ ስፌቱ ነው» አልኳቸው።

«የቱ ስፌት? አንድ ቲሸርት ላይ እኮ ስንት ስፌት ነው ያለው!»

መልስ አልነበረኝም። ማለቴ፣ መልሱ በእጄ ላይ ነበር፤ ወደ እሳቸው የሚሻገርበት ቃል ግን አላዘጋጀሁለትም። ከስልኩ በኋላ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ስሠራ ነገሩ ከነግዝፈቱ ታየኝ። ከ125 ውስጥ 11 ማለት ወደ 9 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ልክ በሦስት ሺው ላይ ቢሰላ ከ260 በላይ የተበላሸ ቲሸርት ይኖራል። እኔ ያየኋቸው 11 ብቻ ናቸው። የቀሩትን እኔ አላያቸውም፤ የሚያያቸው ፋብሪካው ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ነው፣ እኔ በሌለሁበት፣ ካላየናቸው 2,875 ቲሸርቶች መካከል ፈልጎ። ስለዚህ ደብዳቤው ያ ሰው እኔ «ሜጀር» ያልኩትን እሱም «ሜጀር» እንዲል የሚያደርግ መሆን አለበት። የእኔ ዓይን ወደ እሱ ዓይን ካልተሻገረ፣ ማስተካከያው ዕድል ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ለመጻፍ አንድ ቀን ተኩል ወሰደብኝ። መጀመሪያው አንቀጽ ውጤቱን ብቻ ይናገራል፤ የትዕዛዙ ቁጥር፣ የተላከው ብዛት፣ የታየው ናሙና፣ የተፈቀደው ቁጥር፣ የተገኘው ቁጥር። ወቀሳ የለበትም። «ሜጀር ጉድለት እስከ 7 ይፈቀዳል፣ 11 ተገኝቷል፤ ስለዚህ ሙሉው ዕቃ አልፏል ልንል አልቻልንም» ነው የሚለው። ቀጥሎ ናሙና የወጣባቸውን ካርቶኖች ቁጥር ጻፍኩ። ይህን የጻፍኩት ፍተሻው በአንድ ጥግ ካርቶን ላይ ብቻ እንዳልተካሄደ ለማሳየት ነበር። ነገር ግን ቁጥሮቹን ስደረድር ከስድስቱ የስፌት ጉድለቶች አምስቱ ከ64ኛውና ከ77ኛው ካርቶን እንደወጡ አየሁ። ይህም ለብቻው አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ገባ።

ከዚያ ወደ መስፈርቶቹ። የጎን ስፌቱን እንዲህ ጻፍኩት፤

«በግራና በቀኝ ጎን የኦቨርሎክ ስፌት ላይ፣ ከብብት እስከ ታችኛው ስንጥቅ ድረስ፣ ክር ያልያዘው ወይም የዘለለው ነጥብ አንድም ቢሆን ሜጀር ነው። የሚታየው ስፌቱን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ጎን በመሳብ ነው፤ ሳይሳብ በማየት ብቻ አይለይም። በተለይ ከስንጥቁ በላይ ያለው 5 ሴ.ሜ. ይታይ። የሚስተካከለው የዘለለውን ቦታ ከላይና ከታች 2 ሴ.ሜ. አልፎ በኦቨርሎክ ደግሞ በመስፋት ነው። በእጅ መጥቀም ወይም ተራ ስፌት መደረብ ማስተካከያ ተደርጎ አይቆጠርም። ጨርቁ በቢላው ተቆርጦ ቀዳዳ ካለው ቲሸርቱ ይወገድ።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ አንድ ቃል እንኳ ቢጎድል የት እንደሚጎዳ ላሳይ። «አንድም ቢሆን» የተባለው ኦቨርሎክ ከተራው መስፊያ ስለሚለይ ነው። ተራው መስፊያ የላይና የታች ክሩን ጨርቁ ውስጥ ያቆላልፈዋል፤ አንድ ነጥብ ቢዘልል የቀረው አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል። የኦቨርሎክ ክሮች ግን ቀለበት በቀለበት ነው የሚያያዙት፤ አንዱ ቀለበት ካልተያዘ ልብሱ ሲታጠብና ሲሳብ መክፈቻው እየሰፋ ይሄዳል። በእጅ መጥቀም የተከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጨርቁ ሲለጠጥ ጥቅሙ አብሮት አይለጠጥም፣ ይበጠሳል። ይህ ክልከላ ባይጻፍ ኖሮ፣ ሌሊት የሚሠራ ደካማ ሰው መርፌና ክር ማንሳቱ አይቀርም ነበር፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን የማደርገው ያንኑ ነው።

አንቀጹ ውስጥ ሆን ብዬ የተውኩት ነገርም አለ፤ ምክንያቱን አልጻፍኩም። ነጥብ የሚዘልል ኦቨርሎክ ሲያዩ አብዛኞቹ ሰዎች መርፌው ደንዝዟል ወይም ተጣሟል ይላሉ። እኔም እንዲያ ገምቼ ነበር። ጽፌው ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው መርፌውን ቀይሮ «በተባልነው መሠረት አስተካክለናል» ብሎ ይመልስልኝ ነበር። ከጊዜ በኋላ መካኒኩ ሲፈትሸው መርፌው ደህና ነበር፤ ክሩን ከመርፌው የሚቀበለው ሉፐር የሚባለው ክፍል ነው ከጊዜው ወጥቶ የተገኘው። ገዢ ያየውን፣ የት እንዳየውና ስንት እንዳየ ይናገር። ማሽኑን የሚያውቀው ማሽኑ አጠገብ የሚውለው ሰው ነው።

ኮሌታው ላይ ግን ተጣላን።

በሦስቱ ቲሸርቶች ላይ የኮሌታው ሁለት ጫፎች እኩል አልነበሩም፤ ልዩነታቸው 5፣ 6 እና 8 ሚሊ ሜትር ነበር። በረቂቁ ላይ «ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ሜጀር ነው» ብዬ ጽፌ፣ ከመላኩ በፊት ለኃላፊው በስልክ አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ይህ 3 ሚሊ ሜትር ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁኝ። የትዕዛዝ ወረቀቱን አወጣሁ። «ኮሌታው እኩል ይሁን» ይላል፤ ቁጥር የለም። 3 ሚሊ ሜትሩ በእኔ ልማድ ውስጥ እንጂ በስምምነታችን ውስጥ አልነበረም።

እሳቸው ትክክል ነበሩ። ዕቃው ከተሠራ በኋላ የተወለደ መስፈርት ሻጭን ሊያስከስስ አይገባም። ሦስቱን ከቁጥሩ ብናወጣቸው 8 ሜጀር ይቀራል፤ 8 ደግሞ ልክ ዕቃው የሚመለስበት ቁጥር ነው። ስለዚህ ውጤቱ አልተለወጠም። ዕቃው በአንዲት ቲሸርት ልዩነት ያልፍ ወይም ይመለስ የነበረበት ቀን ቢሆን ኖሮ ግን፣ ያ ያልተጻፈ ቁጥር ምን ዓይነት ክርክር እንደሚያስነሳ አስቡት። በመጨረሻ በ4 ሚሊ ሜትር ተስማማን። ደብዳቤው ላይም ይህ መስፈርት በትዕዛዙ ያልነበረ፣ በስልክ ውይይት አሁን የተስማማንበት መሆኑን በግልጽ ጻፍኩ። ከየት እስከ የት እንደሚለካም ጨመርኩበት፤ ከአንገት ስፌቱ እስከ ኮሌታው ጫፍ፣ በጠርዙ በኩል፣ ልብሱ ጠረጴዛ ላይ ሳይሳብ ተዘርግቶ። የመለኪያው ቦታ ካልተነገረ ሁለት ሰዎች አንዱን ኮሌታ ለክተው የተለያየ ቁጥር ያመጣሉ፤ ሁለቱም አልዋሹም።

የኮሌታው ማስተካከያ ከባድ ነው። ኮሌታው ተፈትቶ እንደገና መሰፋት አለበት፤ የፖሎ ጨርቅ ደግሞ ሲፈታ የመርፌ ቀዳዳው ይታያል፣ አንገቱም ይለጠጣል። ስለዚህ «አንድ ጊዜ ብቻ ይፈታ፤ ከተሰፋ በኋላ አንገቱ ተለጥጦ ወይም የመርፌ ቀዳዳ ከስፌቱ ውጭ ሆኖ የሚታይ ከሆነ ይወገድ» የሚል ገደብ ገባበት። ማስተካከያ ሁሉ ልብሱን ያድናል ማለት አይደለም። የት ላይ ማቆም እንዳለበት ያልተነገረው ሠራተኛ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ ይሰፋል፤ ከመጀመሪያው የባሰ ጉድለትም ካርቶን ውስጥ ይገባል።

የዘይት እድፉ አጭር ነበር። በብርሃን ቦታ፣ በ60 ሴ.ሜ. ርቀት፣ ከፊት ወይም ከኮሌታው ላይ የሚታይ እድፍ ሜጀር ነው፤ በውስጥ በኩል ያለ፣ ወደ ውጭ ያልወጣ ነጥብ ማይነር ነው። በእድፍ ማስለቀቂያ አንድ ጊዜ ይጽዳ፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ እንደገና ይታይ። «ከደረቀ በኋላ» የሚለው የተጨመረው እርጥብ እያለ የጠፋ የሚመስል እድፍ ሲደርቅ ዙሪያውን ቀለበት ትቶ ስለሚወጣ ነው። ያ ቀለበት ራሱ እንደ እድፍ ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ ተጽፎም እንኳ ወረቀቱን ብቻ መላክ አልበቃኝም። ጉድለት ካለባቸው ቲሸርቶች አራቱን መርጬ፣ ቦታውን በቀይ ክር ምልክት አድርጌ፣ ካርድ አስሬባቸው ከደብዳቤው ጋር ላክኋቸው። ሦስቱ ከየጉድለቱ አንድ አንድ ናቸው። አራተኛዋ ግን ልዩ ናት፤ ኮሌታዋ 4 ሚሊ ሜትር የሚለያይ፣ ማለትም ወሰኑ ላይ ደርሳ የቆመች ቲሸርት ናት። ካርዷ ላይ «ይህች ታልፋለች፤ ከዚህች የባሰ አያልፍም» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ያለውን በእኛ ሥራ የድንበር ናሙና እንለዋለን። በጣም የተበላሸውን ሁሉም ሰው ይለየዋል፤ ሰው የሚለያየው ወሰኑ አጠገብ ነው። ሚሊ ሜትር በቁጥር ከመናገር ይልቅ በእጅ የሚነካ ልብስ ማሳየት የሠላሳ ሰዎችን ዓይን በፍጥነት ያስተካክላል። ተመሳሳዩን ሌላ የድንበር ናሙና እኔ ጋ አስቀረሁ፤ ሁለታችንም ፈርመንባቸዋል።

የደብዳቤው መጨረሻ ስለሚመለሰው ዕቃ ነበር። የአይኤስኦው ደረጃ የተመለሰ ዕቃ እንደገና ለፍተሻ የሚቀርበው፣ ሁሉም አንድ በአንድ ታይቶ ጉድለት ያለበት ከተወገደ ወይም ከተስተካከለ በኋላ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ «3,000ውም ይታይ፤ ናሙና የወጣባቸውን ካርቶኖች ብቻ አስተካክሎ መመለስ አይቻልም» ብለን ጻፍን። ከዕቃው ጋር አንድ ገጽ መዝገብ እንዲመጣ ጠየቅን፤ በየጉድለቱ ስንት ተገኘ፣ ስንት ተስተካከለ፣ ስንት ተወገደ የሚል። የተስተካከሉት ካልተነኩት ጋር ሳይቀላቀሉ በተለየ ካርቶን ይታሸጉ። እንደገና የምናደርገው ፍተሻም በጠበቀው ሠንጠረዥ እንደሚሆን አስታወቅን፤ በዚያ ከ125 ናሙና ውስጥ የሚፈቀደው ሜጀር 7 መሆኑ ቀርቶ 5 ነው። ይህን አስቀድሞ መናገር ግዴታ ነው፤ ዕቃው በር ላይ ከደረሰ በኋላ የሚነገር ጥበቃ ወጥመድ ይመስላል። የመጓጓዣውና የድጋሚ ፍተሻው ወጪ በውላችን ላይ ስለነበረ በአንድ መስመር አለፍነው።

ኃላፊው ደብዳቤው በደረሳቸው ማግስት ደወሉ። ስለ አራቱ ቲሸርቶች ነበር። «ያችን አራተኛዋን ጠረጴዛው ላይ ሰቅለናታል» አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እህቴ፣ ይህን ያኔ ብትልኪልን ኖሮ» አሉ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ዕቃው በአሥራ አንደኛው ቀን ከመዝገቡ ጋር መጣ። ከ3,000ው ውስጥ 323 ጉድለት ያለባቸው ተገኝተዋል። ሒሳቤ ከ260 በላይ ብሎ ነበር፤ ናሙና የሚሰጠው ግምት ነው እንጂ ቆጠራ አይደለም። ከእነዚህ 214ቱ የጎን ስፌት ነበሩ፤ 209ኙ እንደገና ተሰፍተዋል፣ 5ቱ ጨርቃቸው ተቆርጦ ስለነበር ተወግደዋል። ከ71 የኮሌታ ጉድለት 52ቱ ተስተካክሎ 19ኙ አልተቻለም። ከ38 እድፍ 22ቱ ለቀቀ፣ 16ቱ ቀለበት አስቀረ። በጠቅላላው 283 ተስተካክለው 40 ተወገዱ፤ የመጣልን 2,960 ነው። መዝገቡ ግርጌ ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር ነበር፣ እኛ ያልጠየቅነው፤ ከ214ቱ የስፌት ጉድለት 197ቱ ከ61 እስከ 80 ቁጥር ካርቶን ውስጥ እንደተገኙና እነዚያ ካርቶኖች የአንድ ኦቨርሎክ ማሽን ሥራ እንደሆኑ ይናገራል። የሁለቱ ካርቶኖች ቁጥር ወደ ማሽኑ መርቷቸዋል።

ሲመጣ ግን ዝም ብዬ አላመንኩትም። መዝገብ ጥሩ ሆኖ ዕቃው መጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ናሙናም ቢሆን ሊያታልል ይችላል። ከመቶው አሥሩ የተበላሸ ዕቃ በመደበኛው ሠንጠረዥ ከአሥር ጊዜ ከአንድ ባነሰ ዕድል ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል፤ ትንሽ ዕድል ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። ስለዚህ ከ125ቱ ናሙና የተወሰነውን በተለየ ካርቶን ከታሸጉት ከተስተካከሉት 283 ውስጥ አወጣሁ። የጎን ስፌታቸውን አንድ በአንድ ሳብኩ። ከብብት እስከ ስንጥቁ ድረስ የሚከፈት አልነበረም፤ ድጋሚ የተሰፋው ቦታ ትንሽ ወፈር ብሎ ጣት ላይ ይታወቃል፣ ልብሱ ሲለበስ ግን አይታይም። በአጠቃላይ 2 ሜጀር አገኘን፤ አንድ ኮሌታና አንድ እድፍ። 5 ይፈቀድ ስለነበር ዕቃው አለፈ፤ ሁለቱን ለብቻ አውጥተን መለስናቸው።

የጎደሉት 40 ቲሸርቶች ከሳምንት በኋላ በሁለት ካርቶን መጡ። በላያቸው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ኮሌታ በ4 ሚሊ ሜትር ወሰን ተለክቷል፣ ጎን ስፌት ተስቦ ታይቷል» ይላል፤ ከሥሩ የተቆጣጣሪዋ ፊርማ አለ።